የሉዶ የቤት ደንብ በአንድ ገጽ፦ የስድስትንና የመብላትን ክርክር አስቀድሞ ለመቁረጥ

ሉዶ ሲጫወቱ የሚነሣ ክርክር ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አይወጣም፤ አንዱ ስድስት ሲወድቅ ምን እንደሚያሰጥ ነው፣ ሌላው የተቃዋሚ ጠጠር መቼ እንደሚበላና መቼ እንደማይበላ ነው። ሌላውን ሁሉ ተጫዋቾች በጨዋታው መሀል ሊስማሙበት ይችላሉ። እነዚህን ሁለቱን ግን በመሀል መስማማት ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ጥያቄው በተነሣበት ቅጽበት የትኛው መልስ ማንን እንደሚጠቅም ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ደንቡ ዳይሱ ከመወርወሩ በፊት በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ መቀመጥ ይኖርበታል። ከዚህ በታች ያንን ገጽ እንዴት እንደሚያዘጋጁ፣ በእያንዳንዱ አከራካሪ ነጥብ ላይ ያሉት አማራጮች ምን እንደሆኑና የትኛው ለቤተሰብ ጨዋታ እንደሚሻል በቅደም ተከተል ቀርቧል፤ ወደ መጨረሻውም ገልብጠው የሚጠቀሙበት የገጹ ጽሑፍ ይገኛል።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በሉዶ ክርክር ላይ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ደንብ ፈጥሯል ማለት አይቻልም፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም የያዙት እውነተኛ ደንብ ነው። ጨዋታው የመጣው በህንድ በዛጎል ከሚጫወቱት ከፓቺሲ ሲሆን፣ በዳይስ የሚጫወቱት ሉዶ በእንግሊዝ የፈጠራ መብት የተመዘገበለት በ1896 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የየራሱን መልክ ይዟል። ጀርመኖች ከ1914 ጀምሮ በሰፊው በሚጫወቱት ወንድም ጨዋታ ላይ፣ በሰሌዳው ላይ የሚንቀሳቀስ ጠጠር የሌለው ሰው ስድስት ለማግኘት ሦስት ጊዜ ይወረውራል። በስፔን ፓርቺስ ደግሞ ጠጠር የሚወጣው በስድስት ሳይሆን በአምስት ነው፤ የተቃዋሚን ጠጠር የበላ ሰው 20 ካሬ ይቆጥራል፤ ሦስት ስድስት በተከታታይ የጣለ ሰው ደግሞ መጨረሻ ያንቀሳቀሰው ጠጠር ወደ ማደሪያው ይመለስበታል። በአዲስ አበባ ያደገ ልጅ፣ ከጀርመን ለእረፍት የመጣ የአክስቱ ልጅና ጨዋታውን በስልክ የተማረ ታናሽ ወንድም በአንድ ሰሌዳ ዙሪያ ሲቀመጡ ሦስት ደንቦች አብረው ተቀምጠዋል ማለት ነው። ስለዚህ በገጹ ላይ የሚሰፍረው ደንብ በዚህ ቤት የሚሠራው የትኛው እንደሆነ የሚወስን ነው፤ የሌላውን ሰው ደንብ ስሕተት ነው አይልም።

መጀመሪያ፦ ሰሌዳውንና ስሞቹን ማስተካከል

ገጹን ከመጻፍዎ በፊት ሰሌዳውን ይቁጠሩ። የተለመደው ሰሌዳ በዙሪያው 52 ካሬዎች አሉት፤ የአራቱ ቀለማት መነሻ ካሬዎች በመካከላቸው 13 ካሬ ይራራቃሉ። አንድ ጠጠር ከመነሻ ካሬው ተነሥቶ መሀል ወዳለው ቤት እስኪገባ 56 እርምጃ ይሄዳል፤ ከእነዚህ ውስጥ 50ው በጋራው መንገድ ላይ ናቸው፣ ቀሪዎቹ 6 በራሱ ቀለም ወደ ቤት በሚያስገባው መንገድ ላይ ናቸው። በእጅ በካርቶን ላይ የተሠሩ ሰሌዳዎች አንዳንድ ጊዜ አንድ ካሬ ይጎድላቸዋል ወይም ይተርፋቸዋል፤ ይህ ከተፈጠረ አንዱ ቀለም ከሌሎቹ አጭር መንገድ ስለሚኖረው ሰሌዳው መታረም አለበት።

ቀጥሎ ኮከቦችን ይመልከቱ። ኮከብ የተሳለበት ካሬ በብዙ ሰሌዳ ላይ ጠጠር የማይበላበት መጠለያ ነው፤ ነገር ግን ኮከብ የሌላቸው ሰሌዳዎችም በገበያ አሉ። ሰሌዳዎ ኮከብ ከሌለው በእስክሪብቶ ይሳሉ። ከእያንዳንዱ መነሻ ካሬ መነሻውን ሳይቆጥሩ ስምንት ካሬ ወደ ፊት ሲሄዱ የሚያገኙት የኮከብ ቦታ ነው። አራቱ ኮከቦች ከአራቱ መነሻ ካሬዎች ጋር ተደምረው ስምንት መጠለያዎች ይሆናሉ። መጠለያው በዐይን የሚታይ ምልክት ካለው፣ ፊደል ያልቆጠረ ልጅም ቢሆን ማን እንደሚበላና ማን እንደማይበላ ራሱ ያውቃል።

ስሞቹንም በገጹ አናት ላይ መወሰን ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ ጠጠሮች ሳይወጡ የሚቀመጡበት የማዕዘን ቦታ ማደሪያ ይባላል፤ ሲወጡ የሚቆሙበት መነሻ ነው፤ መጨረሻ የሚገቡበት የመሀሉ ቦታ ቤት ይባላል። ማደሪያውንም መሀሉንም ሁለቱንም ቤት ብለው የሚጠሩ ሰዎች ስላሉ፣ «ጠጠሬ ቤት ገባ» የሚለው አነጋገር ብቻውን ክርክር ሊያስነሣ ይችላል።

ሁለተኛ፦ የውርወራንና የእርምጃን ቅደም ተከተል መወሰን

ከሁሉም ደንቦች ይህ ይቀድማል፤ ብዙ ቤተሰብ ግን ይዘለዋል። ስድስት የጣለ ሰው እንደገና እንደሚወረውር ሁሉም ይስማማል። የማይስማሙበት ስድስቱን አንቀሳቅሶ ነው የሚወረውረው ወይስ ቁጥሮቹን ሁሉ አጠራቅሞ በመጨረሻ ነው የሚያንቀሳቅሰው በሚለው ነው። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ የስድስትና የመብላት ክርክር አብዛኛው ግን ከዚሁ ይመነጫል፤ በአንድ ጨዋታ ላይ ማየት ይሻላል።

ቀዩ ተጫዋች ከመነሻው 16 እርምጃ የሄደ ጠጠር አለው እንበል። ቢጫው ተጫዋች ደግሞ ከቀዩ መነሻ ሲቆጠር በ28ኛው እርምጃ ላይ የቆመ ጠጠር አለው፤ ካሬው ኮከብም መነሻም አይደለም። ቀዩ ስድስት ይጥላል፤ ቀጥሎ ሌላ ስድስት ይጥላል፤ ከዚያ ሦስተኛ ስድስት ይወድቅበታል። በቤቱ ሦስት ስድስት በተከታታይ የጣለ ተራው ያልፈዋል የሚል ልማድ አለ። የቢጫው ጠጠር ተበልቷል ወይስ አልተበላም?

እያንዳንዱን ቁጥር ወዲያው በማንቀሳቀስ ደንብ፣ በመጀመሪያው ስድስት ጠጠሩ ወደ 22 ሄዷል፤ በሁለተኛው 28 ላይ ደርሶ ቢጫውን በልቷል፤ ሦስተኛው ስድስት አይንቀሳቀስበትም፣ ተራውም ያልፋል። ቢጫው ወደ ማደሪያው ተመልሷል። ቁጥር በማጠራቀም ደንብ ግን ሦስቱም ስድስቶች ጠጠር ከመነሣቱ በፊት ተሰርዘዋል፤ ቀዩ 16 ላይ እንደቆመ ነው፣ ቢጫውም አልተነካም። በስፔኑ ደንብ ደግሞ ቢጫው ተበልቷል፣ የበላው የቀዩ ጠጠርም ወደ ማደሪያው ተመልሷል። አንድ ዓይነት ሦስት ውርወራ በሦስት ደንብ ሦስት ውጤት ሰጠ፤ የተጫወተው ሰው ደግሞ በሦስቱም አላጭበረበረም። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ በኋላ የትኛው ይሁን ብሎ መጠየቅ ቢጫውንና ቀዩን ማጣላት ብቻ ነው።

ለቤተሰብ ጨዋታ የሚሻለው እያንዳንዱን ቁጥር ወዲያው ማንቀሳቀስ ነው። ዋናው ምክንያት ትውስታ ነው፤ ቁጥር ሲጠራቀም «ስድስት፣ ስድስት፣ ሁለት ነበር» የሚለውን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል፣ ቡና እየተቀዳ፣ ሰው እየገባና እየወጣ በሚጫወቱበት ክፍል ግን ይህ አስተማማኝ አይደለም። ወዲያው ሲንቀሳቀስ የተጣለው ቁጥር በሰሌዳው ላይ በጠጠሩ ቦታ ተመዝግቦ ይቀራል። ማጠራቀም የራሱ ጥቅም እንዳለው መካድ አይገባም፤ ስድስትንና ሁለትን አብሮ ያየ ተጫዋች ለየትኛው ጠጠር የትኛውን እንደሚሰጥ ስለሚመርጥ ጨዋታው የበለጠ ማሰብን ይጠይቃል። አዋቂዎች ብቻ የሚጫወቱ ከሆነ ሊመርጡት ይችላሉ፤ የተጣሉት ቁጥሮች ግን በወረቀት ላይ እየተጻፉ ይሁን።

ሦስተኛ፦ የስድስትን መብት መገደብ

ቅደም ተከተሉ ከተወሰነ በኋላ ስለ ስድስት የሚቀሩት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው።

የመጀመሪያው ጠጠር ማውጣት ግዴታ ነው ወይ የሚለው ነው። በአንዳንድ ቤት ስድስት የጣለ ሰው ማደሪያው ውስጥ ጠጠር ካለው የግድ ማውጣት አለበት። እዚህ ላይ ምርጫው ለተጫዋቹ ቢሰጥ ይሻላል፤ በስድስቱ ሊበላ የሚችል ወይም ሊሸሽ የሚፈልግ ሰው በግዴታ አዲስ ጠጠር ማውጣቱ የጨዋታውን ጥቂት የማሰቢያ ቦታ ይወስድበታል። ሌላ የሚንቀሳቀስ ጠጠር ከሌለው ግን ማውጣቱ ግድ ነው።

ሁለተኛው ስድስት የማይወጣለት ሰው ጉዳይ ነው፤ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት ሊታሰብበት ይገባል። በአንድ ውርወራ ስድስት የመውደቅ ዕድሉ ከስድስት አንድ ነው። በየተራው አንድ ጊዜ ብቻ የሚወረወር ከሆነ፣ ከ100 ጀማሪዎች 16 ያህሉ አሥር ተራ ሙሉ ጠብቀው አንድም ጠጠር አያወጡም። ሌሎቹ ሰሌዳውን እየዞሩ ሳለ አሥር ጊዜ ባዶ ወርውሮ መቀመጥ ለስድስት ዓመት ልጅ ከጨዋታው መባረር ማለት ነው። በመንገዱ ላይ የሚንቀሳቀስ ጠጠር የሌለው ሰው በተራው እስከ ሦስት ጊዜ እንዲወረውር ከተፈቀደ ግን በአንድ ተራ የመውጣት ዕድሉ ከ100 42 ያህል ይሆናል። ስድስቱ እንደወደቀ ሙከራው ያበቃል፤ ጠጠሩን አውጥቶ የስድስትን ድጋሚ ውርወራ ይወረውራል። ይህም ስድስት የተከታታይ ስድስቶች ቆጠራ መጀመሪያ ሆኖ ይያዛል። በጨዋታው መሀል ጠጠሮቹ ሁሉ የተበሉበት ሰውም ይኸው መብት ይመለስለታል።

ሦስተኛው የድጋሚ ውርወራዎች መደራረብ ነው። ስድስት ጥሎ በዚያው ስድስት የበላ ሰው «አንድ ለስድስቱ፣ አንድ ለበላሁት» ብሎ ሁለት ውርወራ መጠየቁ የተለመደ ነው። በገጹ ላይ ከአንድ ውርወራ የሚገኘው ድጋሚ አንድ ብቻ ነው ተብሎ ቢጻፍ ጥያቄው ይዘጋል። ተከታታይነቱም እንዲሁ ይብራራ፤ ስድስት፣ ከዚያ አራት ጥሎ በአራቱ የበላና በዚህ ምክንያት እንደገና የወረወረ ሰው ቀጥሎ ስድስት ቢጥል፣ አራቱ በመካከል ስለገባ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ለሦስተኛው ስድስት የሚሰጠው ቅጣት ግን ቀላል ቢሆን ይመረጣል፤ ሦስተኛው አይንቀሳቀስበትም፣ ተራው ለቀጣዩ ይተላለፋል፣ የቀደሙት እርምጃዎች እንደነበሩ ይጸናሉ። ሦስት ስድስት በተከታታይ የመውደቅ ዕድሉ ከ216 አንድ ስለሆነ ደንቡ በብዙ ጨዋታ ላይ አያስፈልግም፤ ሲያስፈልግ ግን ሁሉም ቆሞ የሚከራከርበት እርሱ ነው።

ስድስቱን ሊያንቀሳቅስበት የሚችል ጠጠር የሌለው ሰውም አለ፤ ለምሳሌ ሦስቱ ጠጠሮቹ ቤት ገብተው አራተኛው ለመግባት ሦስት እርምጃ ብቻ የቀረው። ስድስቱ ይቀርበታል፣ ድጋሚ ውርወራው ግን አይቀርበትም፤ ምክንያቱም ድጋሚው የሚሰጠው ስድስት ስለወደቀ እንጂ ጠጠር ስለተንቀሳቀሰ አይደለም።

አራተኛ፦ የመብላትን ደንብ መጻፍ

መብላት በትክክል በካሬው ላይ በማረፍ ብቻ ነው፤ አልፎ መሄድ አይበላም። የተበላው ጠጠር ወደ ማደሪያው ይመለሳል፣ የበላውም አንድ ጊዜ ይደግማል። በስምንቱ መጠለያዎች ላይ ማንም አይበላም፤ የተለያየ ቀለም ያላቸው ጠጠሮች አብረው ይቆማሉ። እዚህ ላይ አንድ አከራካሪ ሁኔታ አለ፤ የአረንጓዴው ጠጠር በቀዩ መነሻ ላይ ቆሞ ሳለ ቀዩ ስድስት ጥሎ ጠጠር ሲያወጣ ይበላዋል ወይ የሚለው። ይበላዋል የሚሉ ቤቶች አሉ፣ ደንቡም ለስድስቱ ተጨማሪ ጉልበት ይሰጠዋል። ሆኖም መነሻው ለአንዱ መጠለያ ለሌላው ደግሞ ወጥመድ ሲሆን ልጆች ይደናገራሉ፤ «በኮከብና በመነሻ ላይ መብላት የለም» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይሸራረፍ ቢቆይ ይሻላል።

ቀጣዩ የሁለት አንድ ዓይነት ጠጠሮች ጉዳይ ነው። ሁለት የቀዩ ጠጠሮች ከመጠለያ ውጭ በአንድ ካሬ ላይ ሲቆሙ፣ በአንዳንድ ቤት ግንብ ሆነው መንገዱን ይዘጋሉ፤ በሌላ ቤት አይበሉም ነገር ግን ይታለፋሉ፤ በሌላው ደግሞ ሁለቱም አንድ ላይ ይበላሉ። መንገድ የሚዘጋው ግንብ በሁለት ሰው ጨዋታ ጥሩ ስልት ነው። በአራት ሰው ጨዋታ ግን ባለቤቱ ሌሎች ጠጠሮቹን እያንቀሳቀሰ ግንቡን ለረጅም ጊዜ ስለሚያቆመው፣ ሦስቱ ከኋላ ተሰልፈው ተራቸውን ያለ እርምጃ ያሳልፋሉ። ስለዚህ መካከለኛው ይመረጥ፤ ጥንድ ጠጠር አይበላም፣ በላዩም አይታረፍም፣ ነገር ግን ይታለፋል። የወደቀው ቁጥር በጥንዱ ላይ የሚያሳርፍ ከሆነ ያ ጠጠር አይንቀሳቀስም፣ ሌላ ጠጠር ይፈለጋል፤ ሌላ ከሌለም ቁጥሩ ይቀራል።

መብላት ግዴታ መሆን የለበትም። ግዴታ ከሆነ ሳያይ ያለፈውን ሰው መቅጣት ይመጣል፤ ቅጣቱን የሚጠይቀው ደግሞ ከእርምጃው በኋላ በሰሌዳው ላይ የነበረውን በቃል እያስታወሰ ስለሆነ አዲስ ክርክር ይከፍታል። ከዚህም ሌላ ታናሽ እህቱን ላለመብላት የፈለገ ልጅ ይህን የማድረግ ነፃነት ሊኖረው ይገባል። አንድ ጊዜ ያልበላ ሰው ወደ ቤት መግባት አይችልም የሚለው ደንብ በአንዳንድ ቦታ ይሠራበታል፤ ጨዋታውን እጅግ ስለሚያስረዝም ልጆች ባሉበት ይቅር።

ስለ አደጋው መጠን አንድ ነገር ማወቅ ክርክርን ባይሆን ቅሬታን ይቀንሳል። ከተቃዋሚ ጠጠር ፊት ከአንድ እስከ ስድስት ካሬ ርቀት ላይ የቆመ ጠጠር በዚያ ጠጠር ቀጣይ ተራ የመበላት ዕድሉ ከስድስት አንድ ነው። በሰባተኛው ካሬ ላይ ከቆመ ግን አሳዳጁ መጀመሪያ ስድስት፣ ከዚያ አንድ መጣል ስላለበት ዕድሉ ወደ ከ36 አንድ ይወርዳል። በስድስተኛውና በሰባተኛው ካሬ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው፤ ስለዚህም አንድ ካሬ የተሳሳተ ቆጠራ ዋጋው ከባድ ነው።

አምስተኛ፦ እጅን፣ ቆጠራንና ዳይስን ማስተካከል

የቆጠራ ስሕተት በአብዛኛው የሚመጣው ከአንድ ልማድ ነው። ልጅ አራት ጥሎ ጠጠሩን ሲያነሣ የቆመበትን ካሬ ራሱ በጠጠሩ ነክቶ «አንድ» ይላል፤ በመጨረሻ ሦስት ካሬ ብቻ ይሄዳል። ቆጠራው ከሚቀጥለው ካሬ እንዲጀምር በገጹ ላይ ይጻፍ፣ እየተነካም ጮክ ተብሎ ይቆጠር። የተሳሳተ ቆጠራ ቀጣዩ ሰው እስኪወረውር ድረስ ሊታረም ይችላል። ሐሳብን መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እጁን ከጠጠሩ ያነሣ ሰው «ያኛውን ባንቀሳቅስ እበላ ነበር» ብሎ መመለስ አይችልም። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ካልተለዩ ሐሳቡን የለወጠ ሁሉ ተሳስቼ ቆጠርሁ ይላል።

ዳይሱ በእጅ ከሚወረወር ይልቅ በቡና ሲኒ ውስጥ ተንቀጥቅጦ በትሪ ላይ ቢወረወር ይመረጣል። ሲኒው ሁለተኛ ሥራም ይሠራል፤ ተራ የሚያበቃው ሲኒው ለቀጣዩ ሰው ሲሰጥ ነው። ሲኒው ሳይደርሰው ዳይሱን አንሥቶ የወረወረ ሰው ስድስት ቢጥልም አይያዝለትም፤ በተቃራኒው ድጋሚ ውርወራ እያለው ሲኒውን ያሳለፈ ሰው ቀጣዩ ከወረወረ በኋላ መጠየቅ አይችልም። ልጁ «አያቴ፣ ሲኒውን ሳያሳልፉ፤ ገና አንድ ውርወራ አለዎት» ብሎ ቢያስታውሳቸው ግን ተገቢ ነው፤ ደንቡ ማስታወስን አይከለክልም። ዳይሱ ከትሪው ከወጣ ወይም በጠርዝ ተደግፎ ዘንበል ካለ እንደገና ይወረወራል። ዘንበል ማለቱ ካከራከረ ሌላ ዳይስ በላዩ ይቀመጥ፤ ካልተንሸራተተ ቁጥሩ ይያዛል።

«ይህ ዳይስ ስድስት አይሰጥም» የሚለው ቅሬታም በቀላሉ ይመረመራል። የተቃራኒ ፊቶች ድምር ሁልጊዜ ሰባት መሆን አለበት፤ ስድስት ከታች ሲሆን አንድ ከላይ ነው። ከዚያ 60 ጊዜ ወርውሮ ስድስቶቹን መቁጠር ነው። አሥር አካባቢ ይጠበቃል፤ ከ5 እስከ 15 ቢሆን እንኳ ዳይሱን የሚያስጠረጥር አይደለም። ጠርዙ የተበላ ወይም የተሰነጠቀ ዳይስ ግን ሳይቆጠር ይቀየር።

ስድስተኛ፦ ማን ይፍረድ

በገጹ ላይ ያልተጻፈ ጉዳይ ሲነሣ ታላቁ ይፍረድ ማለት በእኛ ቤት የሚቀናው መንገድ ነው፤ ነገር ግን ታላቁ ራሳቸው ተጫዋች ሲሆኑ በራሳቸው ጉዳይ ዳኛ መሆናቸው ለእርሳቸውም ይከብዳል። የሚሻለው በክርክሩ ላይ ጠጠር የሌላቸው ሁለቱ ተጫዋቾች እንዲፈርዱ ማድረግ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ተከራካሪዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ይወረውሩና ትልቅ ቁጥር የጣለው ይረታል። ጠጠር የት እንደነበረ ማንም እርግጠኛ ካልሆነ ሁሉም የሚስማማበት የመጨረሻ ቦታ ላይ ይመለሳል። የተሰጠው ፍርድ ለዚያ ጨዋታ ብቻ ይሠራል፤ በገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ይጻፍና ጨዋታው ካለቀ በኋላ ቋሚ ደንብ ይሁን ወይስ ይቅር በሚለው ላይ ይነጋገሩበታል። በመሀል የተጻፈ ደንብ ወደ ኋላ ተመልሶ የተደረገን እርምጃ አይለውጥም።

የገጹ ጽሑፍ

ከዚህ በታች ያለው በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ በጉልህ ጽሕፈት ይገባል። ምክንያቶቹን በገጹ ላይ አይጻፉ፤ ውሳኔው ብቻ ይስፈር።

የቤታችን የሉዶ ደንብ

1. ዳይስ በሲኒ ተንቀጥቅጦ በትሪ ላይ ይወረወራል። ከትሪው ከወጣ ወይም ዘንበል ካለ ይደገማል።
2. ተራ የሚያበቃው ሲኒው ሲተላለፍ ነው። ሲኒ ሳይደርሰው የወረወረ አይያዝለትም። የተረሳ ድጋሚ ቀጣዩ ከወረወረ በኋላ አይጠየቅም።
3. እያንዳንዱ ቁጥር ቀጣዩ ውርወራ ከመደረጉ በፊት ይንቀሳቀስበታል። ቁጥር አይጠራቀምም፤ አንድ ቁጥር ለሁለት ጠጠር አይከፈልም።
4. ጠጠር ከማደሪያ የሚወጣው በስድስት ነው። ማውጣት ምርጫ ነው፤ ሌላ የሚንቀሳቀስ ጠጠር ከሌለ ግን ግድ ነው።
5. በመንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ ጠጠር የሌለውና በማደሪያው ጠጠር ያለው ሰው ስድስት ለማግኘት እስከ ሦስት ጊዜ ይወረውራል።
6. ስድስት የጣለ ይደግማል፤ ስድስቱን የሚያንቀሳቅስበት ባይኖረውም ይደግማል።
7. ሦስተኛ ተከታታይ ስድስት አይንቀሳቀስበትም፤ ተራው ያልፋል። የቀደሙት ሁለት እርምጃዎችና የተበላው ጠጠር አይመለሱም።
8. የበላ ይደግማል። በስድስት የበላም የሚደግመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቤት መግባት ድጋሚ አያሰጥም።
9. የሚበላው በካሬው ላይ በማረፍ ነው። በኮከብና በመነሻ ላይ መብላት የለም። መብላት ግዴታ አይደለም።
10. የአንድ ቀለም ጥንድ ጠጠር አይበላም፣ በላዩ አይታረፍም፣ ግን ይታለፋል።
11. ቤት የሚገባው በትክክለኛው ቁጥር ነው።
12. ቆጠራ ከሚቀጥለው ካሬ ይጀምራል። የቆጠራ ስሕተት ቀጣዩ እስኪወረውር ይታረማል። እጅ ከጠጠር ከተነሣ ምርጫ አይለወጥም።
13. ያልተጻፈ ጉዳይ ሲነሣ በክርክሩ የሌሉበት ይፈርዳሉ፤ ካልተስማሙ ዳይስ ይወስናል። ፍርዱ ለዚያ ጨዋታ ብቻ ነው።

በተራ ቁጥር 8 ላይ ቤት መግባት ድጋሚ እንዳያሰጥ የተወሰነው የሚመራውን ሰው የበለጠ ላለማስቀደም ነው፤ በብዙ ቦታ ድጋሚ ስለሚያሰጥ ቤተሰቡ ከፈለገ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር መለወጥ ይችላል። ተራ ቁጥር 3ን የለወጠ ቤተሰብ ግን 7ን አብሮ እንደገና መጻፍ አለበት፤ ቁጥር በሚጠራቀምበት ጨዋታ «የቀደሙት ሁለት እርምጃዎች» የሚባል ነገር የለምና።

ገጹ ከተዘጋጀ በኋላ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ከዚያም ቀደም ሲል የቀረበውን የቀዩንና የቢጫውን ሁኔታ ጠጠሮቹን በሰሌዳው ላይ አስቀምጣችሁ ሦስት ስድስት እንደወደቀ አድርጋችሁ ተጫወቱት። ሁሉም ቢጫው ማደሪያ ውስጥ፣ ቀዩ 28ኛው እርምጃ ላይ፣ ሲኒውም በቀጣዩ ተጫዋች እጅ መሆን እንዳለበት ከተስማሙ ደንቡ ተግባብቷል። እንግዳ ሲመጣም ይህንኑ ማሳየት አሥራ ሦስቱን ተራ ቁጥሮች ከማስነበብ ይፈጥናል። ከዚያ በገጹ ግርጌ ቀኑ ይጻፍና በሰሌዳው ሣጥን ክዳን ውስጥ በፕላስተር ይለጠፍ፤ ደንብ ሲለወጥ አዲስ ገጽ ተጽፎ በአሮጌው ላይ ይለጠፋል፣ የሚሠራውም የቅርቡ ቀን ያለው ነው።